ሎግ ስኬል ወይስ ሊኒየር፦ በረጅም የዋጋ ዕድገት ላይ ትሬንድላይንና ሪትሬስመንት ለምን ይለያያሉ

ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአሜሪካ አክሲዮኖች ኢንዴክስ ማርች 2009 ላይ እስከ 666.79 ነጥብ ወርዶ ተነሣ። ኦክቶበር 2011 ላይ ደግሞ በ1,074.77 ሌላ ትልቅ ዝቅታ ሠራ። (ወራቱና ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በወርሃዊ ቻርት ላይ ሁለቱን ዝቅታዎች በአንድ ትሬንድላይን አገናኝተው ወደ ቀኝ ያስረዝሙት። በሊኒየር ስኬል ከተሳለ፣ የ2020ውን የኮቪድ ውድቀት ጨምሮ አንድም ወር ከመስመሩ በታች አልዘጋም። በሎግ ስኬል ከተሳለ ግን መስመሩ ጁን 2015 ላይ ተሰብሯል። መነሻ ነጥቦቹ ያው ናቸው፣ ዋጋውም ያው ነው። የተለወጠው በቻርቱ ጠርዝ ላይ ያለው የዋጋ ስኬል ብቻ ነው።

ይህ መመሪያ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ፣ በእጅ እንዴት እንደሚሰላና የትኛው ንባብ ምን እንደሚናገር በዚሁ ምሳሌ ያሳያል።

ስኬሎቹ የሚለኩት ምንድን ነው?

በሊኒየር ስኬል ላይ እኩል ርቀት ማለት እኩል የነጥብ ወይም የዶላር ልዩነት ነው። ከ500 ወደ 1,000 ያለው ርቀት ከ3,000 ወደ 3,500 ካለው ጋር እኩል ሆኖ ይታያል። በመጀመሪያው ጉዞ የባለ አክሲዮኑ ገንዘብ እጥፍ ሆኗል፤ በሁለተኛው ያደገው 16.7% ብቻ ነው። በሎግ ስኬል ላይ ግን እኩል ርቀት ማለት እኩል የመቶኛ ለውጥ ነው። ከ500 ወደ 1,000 ያለው ርቀት ከ1,000 ወደ 2,000 ካለው ጋር ይስተካከላል፤ ሁለቱም እጥፍ ናቸውና።

አንድ ሰው ያሳየዎት ቻርት በየትኛው ስኬል እንደተሳለ ለማወቅ የቀኙን ጠርዝ ቁጥሮች ይዩ። 500፣ 1,000፣ 1,500 እያሉ በእኩል ርቀት ከተደረደሩ ሊኒየር ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየተጠጋጉ ከሄዱ ሎግ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር የጉዳዩ እምብርት ነው። በሊኒየር ቻርት ላይ ቀጥ ያለ መስመር «በየወሩ ይህን ያህል ነጥብ» ይላል። በሎግ ቻርት ላይ ቀጥ ያለ መስመር «በየወሩ ይህን ያህል መቶኛ» ይላል። ሁለቱም ቀጥ ብለው ስለሚታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ከገበያው የሚጠይቁት ግን የተለያየ ነው።

አንደኛ፦ ምርጫው ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን ይፈትሹ

ከፍታውን ለዝቅታው ያካፍሉ። ከ100 ወደ 120 የወጣ ዋጋ ውጤቱ 1.2 ነው። የጉዞው 50% ሪትሬስመንት፣ ማለትም ዋጋው ከወጣው ግማሹን መልሶ ሲወርድ የሚደርስበት ደረጃ፣ በሊኒየር 110፣ በሎግ 109.5 ይሆናል። በዚህ ልዩነት ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ከ100 ወደ 200 ሲሆን 150 እና 141.4 ይሆናል፤ ልዩነቱ ይታያል፣ ግን ገና አያሳስትም። ከ100 ወደ 500 ሲሆን ግን 300 እና 223.6 ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነጋዴዎች «ግማሹን መለሰ» ሲሉ ስለ ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች እያወሩ ነው።

እኔ የምከተለው ልማድ ውጤቱ ከ1.5 በታች ከሆነ ስኬሉ ላይ አለመጨነቅ፣ ከ2 በላይ ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለቱንም አስልቶ ማየት ነው። ይህ የሥራ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የኤስ ኤንድ ፒ 500 ጉዞ ከ666.79 ተነሥቶ ፌብሩዋሪ 2020 ላይ 3,393.52 ደርሷል፤ ውጤቱ 5.09 ነው።

ሁለተኛ፦ የትሬንድላይኑን ዋጋ በቁጥር ያውጡ

መስመሩን በዓይን ብቻ አይመኑ። በኤክሴል ወይም በማንኛውም የስሌት ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለቱን ቀመሮች ያስገቡ።

```
ሊኒየር:  =P1+(P2-P1)*n/N
ሎግ:     =P1*(P2/P1)^(n/N)
```

P1 የመጀመሪያው ዝቅታ፣ P2 የሁለተኛው ዝቅታ ነው። N በሁለቱ ዝቅታዎች መካከል ያሉት ካንድሎች ብዛት ሲሆን n ከመጀመሪያው ዝቅታ እስከሚፈልጉት ቀን ድረስ ያሉት ካንድሎች ብዛት ነው። የሚቆጠሩት በቻርቱ ላይ ያሉ ካንድሎች ናቸው። በዕለታዊ ቻርት ላይ ቅዳሜና እሑድ ካንድል ከሌለ አይቆጠሩም፤ በካሌንደር ቀን ከቆጠሩ መስመርዎ ከቻርቱ መስመር ጋር በትክክል አይገጥምም።

በወርሃዊ ቻርት ላይ አንድ ካንድል አንድ ወር ነው፤ ማርች 2009ን ዜሮ ብንል ኦክቶበር 2011 31ኛው ካንድል ነው። ስለዚህ ሊኒየሩ መስመር በየወሩ 13.16 ነጥብ ይወጣል፤ የሎጉ መስመር በየወሩ 1.55% ያህል፣ በዓመት ደግሞ ወደ 20% ይወጣል።

አሁን የሎጉን መስመር እንከተል። ኦክቶበር 2014 67ኛው ካንድል ነው፤ መስመሩ 1,871 ላይ ነበር። ገበያው በወሩ ውስጥ እስከ 1,820.66 ወርዶ መስመሩን በጥላው ወጋው፣ ሆኖም ወሩን ከ2,000 በላይ ዘጋ። ጁን 2015 (75ኛው) ሲደርስ መስመሩ 2,116 ነበር፣ መዝጊያው ግን 2,063.11። ይህ ከመስመሩ በታች የተዘጋ የመጀመሪያው ወር ነው። በኦገስት መስመሩ 2,182 ሲደርስ ገበያው በ1,972.18 ዘጋ፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ገበያውን ጥሎት ሄደ።

ሊኒየሩ ደግሞ ፌብሩዋሪ 2016 ላይ (83ኛው ካንድል) 1,759 ነበር። የገበያው ዝቅታ 1,810.10 ስለነበር ሳይነካው ተመለሰ። ዲሴምበር 2018 ላይ መስመሩ 2,207፣ ዝቅታው 2,346.58 ነበር፤ አሁንም አልተነካም። ማርች 2020 ላይ (132ኛው) መስመሩ 2,404 ሲሆን ገበያው እስከ 2,191.86 ወርዶ ወጋው፣ ግን ወሩን በ2,584.59 ከላዩ ዘጋ።

ታዲያ የቱ ልክ ነው? ጥያቄውን እንዲህ ማንሣት ራሱ ያሳስታል። የሎጉ መስመር የጠየቀው «ገበያው ከ2009 እስከ 2011 በነበረው ፍጥነት እያደገ ነው ወይ?» ብሎ ነው። መልሱም በ2015 «አይደለም» ሆነ። ይህ እውነት ነው፤ በዓመት 20% የሚያድግ ገበያ ለረጅም ጊዜ አይገኝም። ነገር ግን መሰበሩ «ገበያው ሊወድቅ ነው» ማለት አልነበረም። ኢንዴክሱ ከዚያ በኋላ ከ2,100 አካባቢ ተነሥቶ 3,393 ደርሷል። በረጅም ዕድገት ላይ የሎግ ትሬንድላይን ሲሰበር በመጀመሪያ የሚነግርዎ ፍጥነቱ መቀነሱን ነው። በዚያ ብቻ ተነሥቶ ሁሉን መሸጥ በዚህ ጉዳይ ላይ ከ1,200 ነጥብ በላይ ያሳጣ ነበር።

ሊኒየሩ መስመር ደግሞ ሳይሰበር የቆየው ገበያው ስለበረታ ብቻ አይደለም። መስመሩ ራሱ የሚጠይቀውን እየቀነሰ ስለሄደ ነው። 13.16 ነጥብ በ666.79 ላይ በወር ወደ 2% ገደማ ነው፤ መስመሩ 2,404 ሲደርስ ያው 13.16 ነጥብ 0.55% ብቻ ሆኗል። ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ገበያው በ3,393 ከፍታው ሳለ መስመሩ ከ2,391 አይበልጥም ነበር። እስኪነካው ድረስ ገበያው 29.5% መውደቅ ነበረበት። ይህን ያህል ርቆ ከሥር የተኛ መስመር «አዝማሚያው አልተሰበረም» ቢልዎት ብዙም አልነገረዎትም።

ስለዚህ በረጅም ጉዞ ላይ የሎጉን መስመር የፍጥነት መለኪያ አድርገው ይያዙትና ሲሰበር ከአዲስ ዝቅታ ደግመው ይሳሉት። በእኛ ምሳሌ ከማርች 2009 ዝቅታ ወደ ፌብሩዋሪ 2016 ዝቅታ የተሳለ ሁለተኛ የሎግ መስመር በወር 1.2% ያህል ይወጣል። እርሱም ዲሴምበር 2018 ላይ 2,725 ደርሶ ነበር፤ ወሩ የዘጋው ግን በ2,506.85 ነው። መጀመሪያ 1.55%፣ ቀጥሎ 1.2%፣ እርሱም ተሰበረ። ዕድገቱ ደረጃ በደረጃ እየቀዘቀዘ መሄዱን እንዲህ በቁጥር ማየት ይቻላል። ሊኒየሩ ቻርት ይህን መቀዝቀዝ ፈጽሞ አያሳይም፤ እንዲያውም የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሁሉ የፈጠኑ ያስመስላል።

ሦስተኛ፦ ሪትሬስመንቱን በሁለቱም መንገድ ያስሉ

```
ሊኒየር:  =H-(H-L)*r
ሎግ:     =H*(L/H)^r
```

H ከፍታው፣ L ዝቅታው፣ r ደግሞ የሚፈልጉት ደረጃ ነው፤ ለምሳሌ 0.382፣ 0.5 ወይም 0.618።

ከ666.79 ወደ 3,393.52 በወጣው ጉዞ ላይ የሊኒየሩ 38.2% በ2,352፣ 50% በ2,030፣ 61.8% በ1,708 ይወድቃል። በሎግ 38.2% በ1,823፣ 50% በ1,504፣ 61.8% በ1,241 ነው። የሊኒየሩ 61.8% ከሎጉ 50% በላይ መሆኑን ልብ ይበሉ። አንዱ «ጥልቅ» የሚለውን ደረጃ ሌላው ገና መካከለኛ ላይ አልደረሰም ይለዋል።

የማርች 2020 ዝቅታ 2,191.86 በሊኒየር የጉዞውን 44% መልሷል፤ በሎግ 27% ብቻ። ልዩነቱ የሚመጣው «ግማሽ» ከሚለው ቃል ትርጉም ነው። የሊኒየር 50% የተገኘው ነጥብ ግማሹ ሲመለስ ነው። የሎግ 50% ደግሞ ዋጋው በማባዛት ያደገበት መንገድ ግማሹ ሲመለስ ነው፦ 666.79ን በ2.256 ሲያባዙ 1,504 ይሆናል፣ 1,504ን እንደገና በ2.256 ሲያባዙ 3,393 ይሆናል። መካከለኛው ቦታ በሁለት እኩል ማባዛቶች መሃል ያለው ነው።

ከፍ ያለ ጉዞ ላይ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል። ቢትኮይን ማርች 2020 ላይ ከ3,850 ዶላር ገደማ ተነሥቶ ኖቬምበር 2021 ላይ ወደ 69,000 ዶላር ደረሰ፤ ኖቬምበር 2022 ላይ ወደ 15,500 ወረደ። ቁጥሮቹ ከመገበያያ ወደ መገበያያ ትንሽ ይለያያሉ። ውድቀቱ በሊኒየር ስሌት የጉዞው 82% ነው፤ ከሚታወቁት የፊቦናቺ ደረጃዎች ሁሉ አልፎ ወደ መነሻው ሊመለስ የተቃረበ ይመስላል። በሎግ 52% ነው፤ የ50% ደረጃው 16,300 ዶላር አካባቢ ስለነበር ዝቅታው ከእርሱ ትንሽ ወረድ ብሎ ቆሟል። ሊኒየሩን 61.8% ይዞ በ28,700 የገዛ ሰው ዋጋው ከዚያ በኋላ ወደ ግማሽ ሊጠጋ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር።

ይህ አንድ ጉዳይ ሎጉ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብሎ አያስረዳም። የሎግ ሪትሬስመንት የራሱ ከባድ ድክመት አለው፤ መነሻው ዝቅታ ሲለወጥ ውጤቱ ይናጣል። ለቢትኮይን መነሻውን ከማርች 2020 ወደ ጃንዋሪ 2015 ዝቅታ፣ ወደ 160 ዶላር ገደማ፣ ብንወስደው የሊኒየሩ 50% ከ36,400 ወደ 34,600 ብቻ ይወርዳል። የሎጉ 50% ግን ከ16,300 ወደ 3,300 ይወርዳል። ከ160 ወደ 3,850 ያለው ርቀት በዶላር ኢምንት ሲሆን በማባዛት ግን 24 እጥፍ ነው። ስለዚህ በሎግ ስትሠሩ «ይህ ጉዞ የጀመረው የት ነው?» የሚለውን ዋጋው ወደ ደረጃው ከመድረሱ በፊት ወስናችሁ ጻፉት። ደረጃው ዋጋው ጋ እስኪገጥም ድረስ መነሻውን እየቀያየሩ መፈለግ ከሎግ ስኬል ጋር እጅግ ቀላል የሆነ ራስን ማታለያ ነው።

አራተኛ፦ መሣሪያዎ የትኛውን እንደሚያሰላ ያረጋግጡ

ትሬዲንግቪው ላይ የዋጋውን ጠርዝ በቀኝ ክሊክ ተጭነው `Logarithmic` የሚለውን ይምረጡ፤ ወይም `Alt + L` ይጫኑ። ይህ የሚለውጠው ቻርቱን ነው። የፊቦናቺ ሪትሬስመንት መሣሪያው ግን የራሱ ቅንብር አለው፤ በቅንብሩ ውስጥ `Fib levels based on log scale` የሚለው ሳጥን ካልተመረጠ ቻርቱ ሎግ ሆኖ ደረጃዎቹ ሊኒየር ሆነው ይቀራሉ።

የትኛውንም ፕሮግራም ለመፈተን አንድ መንገድ ይበቃል። የ50% ደረጃውን ዋጋ ያንብቡ። ከፍታውንና ዝቅታውን ደምረው ለ2 ሲያካፍሉ ከገጠመ ሊኒየር ነው። ሁለቱን አባዝተው ስኩዌር ሩቱን ሲያወጡ ከገጠመ ሎግ ነው። በምሳሌያችን የመጀመሪያው 2,030፣ ሁለተኛው 1,504 ነው፤ የሚያምታታ ነገር የለም። በዓይን ካዩትም፣ በሎግ ቻርት ላይ ሊኒየር ደረጃዎች ወደ ላይኛው ጫፍ ተጨናንቀው ይታያሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን ትሬንድላይን ከሳሉ በኋላ ስኬሉን ሲቀይሩ የሚሆነው ነው። በትክክለኛው ሒሳብ በሊኒየር የተሳለ ቀጥ ያለ መስመር ሎግ ላይ ሲታይ እየጎበጠ መተኛት አለበት። ፕሮግራሙ ግን እንዲህ አያሳይም፤ ሁለቱን መነሻ ነጥቦች ይዞ በአዲሱ ስኬል ላይ ቀጥ አድርጎ ደግሞ ይስለዋል። ማለትም ሌላ መስመር ይተካልዎታል። ትናንት በሊኒየር ያዩትን «ድጋፍ» ዛሬ በሎግ ቻርት ላይ እየፈለጉ ከሆነ የለም። ለመስመሩ ስም ሲሰጡ ስኬሉን አብረው ይጻፉ፤ የቻርት ፎቶ ሲልኩም ጠርዙን አይቁረጡ።

ስኬሉ የሚነካው በቀጥታ መስመርና በርቀት የሚሠሩትን ነገሮች ነው፦ ትሬንድላይን፣ ቻናል፣ ሪትሬስመንት፣ ወደ ላይ የሚለካ ግብ። አግድም መስመር አይነካም። ሙቪንግ አቬሬጅና አርኤስአይም የሚሰሉት ከዋጋው ስለሆነ ቁጥራቸው አይለወጥም።

ሎግ የማይሠራባቸው ወይም ውሂቡ የሚያበላሸው ቦታዎች

ሎግ ስኬል ዜሮንና ከዜሮ በታችን ማሳየት አይችልም። ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የሜይ ወር የዌስት ቴክሳስ ድፍድፍ ነዳጅ ፊውቸርስ በርሜሉ በኔጌቲቭ 37.63 ዶላር ተዘግቷል፤ ያ ካንድል በሎግ ቻርት ላይ ቦታ የለውም። የሁለት ዕቃዎች የዋጋ ልዩነት ሆኖ የተሠራ ቻርትም ከዜሮ በላይና በታች ስለሚዋልል በሊኒየር ብቻ ይነበባል።

ይበልጥ ስውር የሆነው ችግር የፊውቸርስ ተከታታይ ቻርት ላይ ነው። ውሎች ሲያልቁና አዲሱ ሲተካ የሚፈጠረውን ክፍተት ለመዝጋት ብዙ የውሂብ አቅራቢዎች ያለፉትን ዋጋዎች በሙሉ በተወሰነ ነጥብ ዝቅ ወይም ከፍ ያደርጋሉ። ሊኒየር ሪትሬስመንት ይህን ይችለዋል፤ ልዩነቶቹ አልተነኩምና። ሎጉ ግን ይፈርሳል። ከ50 ወደ 100 የተደረገ ጉዞ በ30 ዝቅ ሲደረግ ከ20 ወደ 70 ይሆናል፤ እጥፍ የነበረው 3.5 እጥፍ ሆኖ ይታያል። ረጅም ታሪክ ላይ ያለፉት ዋጋዎች ከዜሮ በታች ሊገቡም ይችላሉ። በሎግ መሥራት ካለብዎ በመቀነስ ሳይሆን በማባዛት የተስተካከለ ተከታታይ ይፈልጉ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በቻርቱ ላይ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ አንድ ቀን ይምረጡና የዕለቱን የመቶኛ ለውጥ በወቅቱ ከነበረው ውል ለውጥ ጋር ያወዳድሩ። መቶኛው ካልገጠመ የሎግ መስመርዎ የቆመው ባልነበረ ዋጋ ላይ ነው።

ነጠላ አክሲዮን ላይ ደግሞ አንዱ አክሲዮን ለሁለት ወይም ለብዙ ሲከፈል ታሪኩ በዚያው ልክ መስተካከሉን ይዩ። ትርፍ ክፍፍል የተቀነሰበት ታሪክ ከተጠቀሙ የድሮው ዝቅታ በወቅቱ ከነበረው ዋጋ በታች ይወርዳል። በሊኒየር ይህ ጥቂት ነጥብ ነው። በሎግ ግን መነሻው ዝቅታ ምን ያህል እንደሚከብድ ከላይ አይተናልና፣ የ50% ደረጃው ከሌላ ሰው ቻርት ጋር ካልገጠመ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ቅንብር ነው።